ሁለት ኑሮ የሚኖር ጀግና እንዴት ይጻፋል? የስፓይደር ማንን ጭምብል ገልጠን እንይ

ግዌን ስቴሲ አባቷ ሞቶባታል። የገደለው ስፓይደር ማን ነው ብላ አምናለች። ይህን የምትነግረው ለፍቅረኛዋ ለፒተር ፓርከር ነው። ስፓይደር ማን ደግሞ ራሱ ፒተር ነው።

ይህ ታሪክ በ1970 የወጣ ኮሚክ ላይ ያለ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አጥፊ የሚባል ሰው እንኳ ክፍሉ ውስጥ የለም። ቡጢም የለም። ሁለት ሰዎች ያወራሉ፣ አንባቢው ግን ትንፋሹን ይውጣል። ድብቅ ማንነት ለጸሐፊ የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው።

ሱፐርሂሮ ስሙን ለምን ይደብቃል ሲባል ሁላችንም «ጠላቶቹ ቤተሰቡን እንዳይነኩበት» እንላለን። ልክ ነው፣ ግን ያ የጀግናው ምክንያት ነው። የጸሐፊው ምክንያት ሌላ ነው። መኪና በአንድ እጁ የሚያነሳ ሰው ምን ያስፈራዋል? ምንም። ሚስጥር ስትሰጠው ግን የቤቱ በር መንኳኳት ያስፈራዋል። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ለመጻፍ ካሰባችሁ፣ ስታን ሊ እና ስቲቭ ዲትኮ በ1962 የፈጠሩትን ይህን የኒውዮርክ ልጅ ፈትቶ ማየት ጥሩ ትምህርት ነው።

መጀመሪያ፦ ሚስጥሩ ቢወጣ የሚጎዳውን አንድ ሰው ምረጡ

«ቤተሰቡ» ብላችሁ አትለፉ። ስም ስጡት። ለፒተር ያ ሰው አክስቱ ሜይ ናት። አሮጊት ናት፣ ጤናዋም ደካማ ነው። ባሏ ቤን በሌባ ተገድሎባታል። ያንን ሌባ ፒተር ሊይዘው ሲችል «የኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ አሳልፎት ነበር። በዚያ ላይ አክስቱ ስፓይደር ማንን ትፈራዋለች፣ ትጠላዋለችም። ስለዚህ ልጁ የሚፈራው ወንጀለኞችን ብቻ አይደለም። እውነቱን ራሷ ብትሰማ ልቧ አይችለውም ብሎ ይሰጋል። ከውጭ የሚመጣ ጠላት በሌለበት ገጽ ላይ ጭምር ፍርሃቱ የማይለቀው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ፦ ሁለቱን ኑሮዎች በአንድ ገመድ እሰሩ

ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ ነው የሚስተው። ጀግናው ቀን ቢሮ ይውላል፣ ማታ ከወንበዴ ጋር ይፋለማል፣ ሁለቱ አይገናኙም። ያ ድርብ ኑሮ ሳይሆን ሁለት ፈረቃ ነው።

ፒተርን ተመልከቱት። ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ካሜራውን አንድ ቦታ ያስርና ሲፋለም ራሱን ፎቶ ያነሳል። ፎቶውን ዴይሊ ቢዩግል ለተባለው ጋዜጣ ይሸጣል። የጋዜጣው አለቃ ጄምሰን ስፓይደር ማንን ለማጥላላት የማይቆፍረው ጉድጓድ የለም። ልጁ የአክስቱን መድኃኒት የሚገዛው የራሱን ስም በሚያጠፋ ገንዘብ ነው ማለት ነው። አንዱ ኑሮ ሌላውን ይመግበዋል፣ ያንኑ ያህል ይበላዋል። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ካገኛችሁ ታሪኩ ራሱን መጻፍ ይጀምራል።

ከዚያ፦ ማን ምን እንደሚያውቅ በወረቀት ላይ አስፍሩ

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ መስመር ይበቃል። ያውቃል፣ ይጠረጥራል፣ አያውቅም። አንባቢው ሁሌም «ያውቃል» ውስጥ ነው። እኛ ለዚህ አዲስ አይደለንም፤ ሰምና ወርቅ ስንሰማ ነው ያደግነው። ገጸ ባሕርይው ሰሙን ይሰማል፣ አንባቢው ወርቁን ያወጣል። ጥሩ የድርብ ኑሮ ንግግር ለሁለቱም ጆሮ ትርጉም ሲሰጥ ነው የሚያምረው።

አሁን ወደ ግዌን እንመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ሰንጠረዥ በደንብ የሠራው እዚያ ነው። ስፓይደር ማን ከዶክተር ኦክቶፐስ ጋር ጣሪያ ላይ ሲፋለም የጭስ ማውጫ ግንብ ተንዶ ወደ መንገዱ ይወርዳል። የግዌን አባት ካፒቴን ስቴሲ አንድ ሕፃን ያያሉ። ገፍተው ያድኑትና እሳቸው ፍርስራሹ ሥር ይቀራሉ። ስፓይደር ማን ይደርሳል፣ ያወጣቸዋል። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ «ፒተር» ብለው ይጠሩታል። ያውቁ ነበር! ልጃቸውንም አደራ ይሉታል።

ሰንጠረዡን እዩት። የሚያውቁት ሰው ሞቱ። የማታውቀው ቀረች። አደራው የተሰጠው ለፒተር ነው፣ ክሱ የቀረበው በስፓይደር ማን ላይ ነው። አደራውን ለመጠበቅ አጠገቧ መሆን አለበት፣ አጠገቧ ለመሆን መዋሸት አለበት። እውነቱን ቢናገር ነፃ አይወጣም፣ ያጣታል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የሠራው አንድ ሰው የያዘውን ዕውቀት ይዞ እንዲሞት በማድረግ ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉም ፍልሚያዎች ይህ ይበልጣል።

አንዴ ብቻ፦ ጭምብሉን አውልቁና ማንም አይመን

በ1964 ዶክተር ኦክቶፐስ ስፓይደር ማንን ሰው ፊት ጭምብሉን ገፈፈው። ሚስጥሩ አለቀለት? አላለቀም። ፒተር ያን ቀን ታሞ ጉልበቱ ከድቶት ነበር፣ በቀላሉ ተሸነፈ። ያየው ሁሉ «ይሄ የፎቶ ልጅ ነው፣ የጋዜጣውን ሠራተኛ ቤቲን ለማዳን ልብሱን ለብሶ ነው» አለ። ዘዴው የሠራው ሕመሙ ከጭምብሉ መውለቅ በፊት ስለተነገረን ነው። በኋላ ቢጨመር ኖሮ ማጭበርበር ይሆን ነበር። ደግሞ ሁለተኛ አትሞክሩት። በሁለተኛው ጊዜ አንባቢው የጎረቤቶቹን ጅልነት መቁጠር ይጀምራል።

ሚስጥሩ ሥራ መፍታቱን የምታውቁበት ምልክትም ይሄው ነው። የሚጠበቀው በጀግናው ብልሃት መሆኑ ቀርቶ በሌሎቹ ሞኝነት ከሆነ፣ ተበላሽቷል። ሌላም ፈተና አለ። ትዕይንቱን ሚስጥሩን አውጥታችሁ አንብቡት። ምንም ካልተለወጠ ጭምብሉ ጌጥ ብቻ ነው። ጌጥ ከሆነ ደግሞ ጣሉት። የስፓይደር ማን አሳታሚ ማርቭል በ1961 ያወጣው ፋንታስቲክ ፎር የተባለ ኮሚክ ድብቅ ስም የለውም፣ ድራማው ከቤተሰብ ጭቅጭቅ ይመጣል፣ ምንም አልጎደለበትም።

በመጨረሻ፦ ሚስጥሩን ስታወጡት ለማን እንደምታወጡት አስቡ

ሚስጥር የተቀመጠ ገንዘብ ነው፣ አንድ ቀን ይወጣል። በ1966 ግሪን ጎብሊን ተከታትሎ የፒተርን ፊት አየ። ከዚያ የራሱን ጭምብል አወለቀ። የፒተር የቅርብ ጓደኛ አባት ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የባሰ ሰው ሊያውቀው አይችልም። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1973 ጎብሊን ግዌንን ጠልፎ ከድልድይ ጣላት፣ ሞተች። ማንን መጥለፍ እንዳለበት ያወቀው ስሙን ስላወቀ ነው። ያ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረው «ቤተሰቤን እንዳይነኩብኝ» የሚል ፍርሃት እዚህ ተከፈለ።

ለሁሉም ሰው ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2006 ፒተር ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ጭምብሉን በገዛ እጁ አወለቀ። ለጥቂት ወራት አስደናቂ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለእሱ የተተኮሰ ጥይት አክስቱ ሜይን መታት። ጸሐፊዎቹ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ መንገድ አጡ፣ ምክንያቱም ዓለም በሙሉ የሚያውቀው ሰው የሚደብቀው ነገር የለም፣ የሚፈራው በርም የለም። በ2007 ሰይጣን መሰል ፍጡር አምጥተው አክስቱ እንድትድን፣ ሚስጥሩም ተመልሶ እንዲደበቅ አደረጉ። በምትኩ የሄደው ፒተር ከሜሪ ጄን ጋር በ1987 የመሠረተው ትዳር ነበር።