ወረድ ላለ ትከሻ ፓተርን እንዴት ይስተካከላል? አንገቱና ብብቱ ሳይበላሽ

እህቴ ትከሻዋ ወረድ ያለ ነው። መጀመሪያ ቀሚስ ስሰፋላት የገዛሁትን ፓተርን ትከሻው ጫፍ ላይ 1 ሳንቲሜትር ቀነስኩና ሰፋሁት። የትከሻው ሽብሽብ ጠፋ። እጅጌው ግን አልገጥም አለኝ፤ በግድ ሳስገባው ደግሞ ብብቷን ያዛት። ለካ ከፊት 1፣ ከኋላ 1 ሳንቲሜትር ሲቀነስ እጅጌው የሚገጠምበት የብብት ዙር በ2 ሳንቲሜትር ይጠባል፤ እጅጌው ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ መውረድ ያለበት የትከሻው ጫፍ ብቻ ሳይሆን የብብቱ ዙር እንዳለ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ የትከሻ መሆኑን አረጋግጡ። ፓተርኑን ሳትነኩ በአቡጀዴ የሙከራ ልብስ ስፉ። እጅጌ አያስፈልገውም። ትከሻ ወረድ ሲል ከአንገት ሥር ወደ ብብት የሚወርድ ሰያፍ ሽብሽብ ይታያል፤ ትከሻው ጫፍ ላይም ጨርቁ ከሰውነት ይነሳል። ሽብሽቡ የሚያመለክተው ወደ ጡት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ልብሱ እንደተለበሰ ትርፉን ጨርቅ ትከሻው ጫፍ ላይ ቆንጥጣችሁ በስፒል ያዙት። ወደ አንገት ሲጠጋ እየቀነሰ ይጥፋ። ከትከሻው ስፌት እስከ ስፒሉ ያለው ርቀት ከእያንዳንዱ ክፋይ የሚወርደው መጠን ነው። የእህቴ 1 ሳንቲሜትር ነበር። ሁለቱን ትከሻ ለየብቻ ለኩ፤ አንዱ ከሌላው ዝቅ የሚልበት ሰው ብዙ ነው። ከተለያዩ የቀኝና የግራውን ክፋይ ለየብቻ አዘጋጁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዋናውን ፓተርን አትቁረጡት፣ በሌላ ወረቀት ገልብጡት። ከዚያ የስፌቱን መስመር አስምሩበት። ብዙ የሚሸጡ ፓተርኖች 1.5 ሳንቲሜትር የስፌት ትርፍ አላቸው፤ የእናንተን መመሪያው ላይ እዩ። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ከቦታው መነቃነቅ የሌለበት ነጥብ የአንገቱና የትከሻው ስፌት የሚገናኙበት ነው፤ የወረቀቱ ጥግ አይደለም። አንገት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀቱ ጥግ ሲለካ ነው።

ከትከሻው መሃል ተነስታችሁ ከክር አቅጣጫው ቀስት ጋር ትይዩ መስመር ወደ ታች አውርዱ። ከብብቱ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ሲል በቀጥታ ወደ ጎን ስፌቱ ታጠፉ። የጎን ዳርት ካለ መስመሩ ከዳርቱ በላይ ይለፍ። በመስመሩ ስትቆርጡ የትከሻውን ጫፍና ብብቱን የያዘ ሳጥን ይወጣል። ሳጥኑን ቀጥ አድርጋችሁ 1 ሳንቲሜትር ወደ ታች አንሸራትቱት። ታች ላይ ወረቀቱ ይደራረባል። ከሥር ወረቀት አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉት።

ትከሻው አሁን መሃሉ ላይ ደረጃ ሠርቷል። ካልተነቃነቀው የአንገት ነጥብ እስከ ወረደው የትከሻ ጫፍ አዲስ ቀጥ ያለ የስፌት መስመር አስምሩ። በአንገቱ በኩል ትንሽ ይቆረጣል፣ በሳጥኑ በኩል ትንሽ ይሞላል። የስፌት ትርፉን እንደገና ጨምሩ፣ የጎን ስፌቱንም አለስልሱ። የኋላውን ክፋይም በዚሁ መጠን እንዲሁ አድርጉ። ትከሻው ላይ ዳርት ካለ መጀመሪያ ዳርቱን አጥፋችሁ ዝጉት፣ ከዚያ አስምሩ። የብብቱ ቅርጽ ስላልተነካ እጅጌው ሳይለወጥ ይገጥማል፤ የመገጣጠሚያ ምልክቶቹም አብረው ወርደዋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው። የፊትና የኋላውን ወረቀት በአዲሱ የትከሻ ስፌት መስመር አገናኙና የአንገቱን ዙር እዩ። ትከሻው ስለዘቀዘቀ መጋጠሚያው ላይ ወደ አንገት የሾለች ትንሽ ጫፍ ትወጣለች። ብብቱ በኩል ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ጉድጓድ ይታያል። የአንገቱን ሹል አንድ ሚሊሜትር ያህል ከርክማችሁ አለስልሱት፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ አንገቱ ይሰፋል። የብብቱን ጉድጓድ በወረቀት ሙሉት።

አንገቱን ከውስጥ የሚሸፍነው ቁራጭም መስተካከል አለበት። የእህቴ ትከሻ ርዝመት 12 ሳንቲሜትር፣ ቁራጩ ደግሞ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ነበረው። አንገቱ ጋ ምንም አይቀነስም። በውጭኛው ጠርዝ ግን 4 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ይህን ካልቀነሳችሁ ቁራጩ ትከሻው ላይ ይታጠፍና አንገቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እጅጌ በሌለው ልብስ አንገቱንና ብብቱን አብሮ የሚሸፍን ቁራጭ ካለ እሱንም እንደ ዋናው ክፋይ በሳጥን ቆርጣችሁ አውርዱት።

ሳጥኑ ብብቱ በትከሻና በጎን ስፌት ለተዘጋ ልብስ ነው። እጅጌው እስከ አንገት የሚደርስ ከሆነ የትከሻው ጫፍ ብቻውን ስለማይገኝ ይህ መንገድ አይሠራም። ማውረድ ያለባችሁ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ሲሆን ደግሞ ግማሹን በፓተርኑ አውርዱ፣ ግማሹን በስስ የትከሻ ስፖንጅ ሙሉት። ስፖንጁን ለመጠቀም ካሰባችሁ ግን ሙከራውን ስትለኩም እሱን አድርጋችሁ ለኩ።