የቤት ዋጋና የኪራይ አማካይ ሲነገርዎ ምን ብለው መጠየቅ አለብዎት?

«የቤት ዋጋ በአማካይ 10 በመቶ ጨመረ» የሚል ዜና በወጣ ሰሞን ቤታቸውን የሚሸጡ ሰዎች በዚያው መጠን ዋጋ ይጨምራሉ፤ ገዢ ግን አይመጣም፤ ቤቱ ወራት ይቆማል። ተከራዮችም «አማካይ ኪራይ» የሚባለውን ቁጥር የገበያው ዋጋ አድርገው ይወስዱና አከራዩ የጠራውን ሳይከራከሩ ይቀበላሉ። ቁጥሩን ያወጣው ሰው አልዋሸ ይሆናል። ሆኖም አማካይ ብቻውን ሻጩም ሆነ ተከራዩ ሊያውቅ የፈለገውን ነገር አይናገርም። እኔ አንድ የዋጋ አኃዝ ሲደርሰኝ ከማመኔ በፊት የምሄድበት መንገድ የሚከተለው ነው።

1. ማወቅ የፈለጉትን ይለዩ

ጥያቄዎ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ «እንዲህ ላለ ቤት ዛሬ ስንት እከፍላለሁ?» ነው፤ ወይ «ዋጋው ከአምናው ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ነው። ሁለቱ የሚመለሱት በተለያየ መለኪያ ነው። ብዙ ጥፋት የሚመጣው ለአንዱ የተዘጋጀውን ቁጥር ለሌላው ሲያውሉት ነው።

2. የዛሬውን ዋጋ ለማወቅ መካከለኛውን ይጠይቁ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። በአንድ ሰፈር ሰባት ቤቶች ተከራዩ እንበል፤ ወርኃዊ ኪራያቸው በሺህ ሲቆጠር 8፣ 9፣ 10፣ 10፣ 11፣ 12 እና 80 ነው። ድምሩ 140 ስለሆነ አማካዩ 20 ይመጣል። ከሰባቱ ቤቶች ስድስቱ ግን ከ12 በላይ አልተከራዩም፤ 20 የከፈለ ሰው በሰፈሩ ውስጥ አንድም የለም። ቤቶቹን ከርካሹ ወደ ውዱ ደርድረው መሐል ላይ ያለውን ቢወስዱ 10 ያገኛሉ። ሚዲያን የሚባለው ይህ መካከለኛ ዋጋ ነው፤ አንዱ ቅንጡ ቤት በ80 ቀርቶ በ800 ቢከራይም ከ10 አይነቃነቅም።

መካከለኛውን ብቻውን ግን አይቀበሉ። ከቤቶቹ ሩቡ በስንት እና ከዚያ በታች እንደተከራዩ፣ ሩቡ ደግሞ በስንት እና ከዚያ በላይ እንደተከራዩ አብሮ ይነገርዎ። በሁለቱ መካከል ያለው ክልል ለመደራደር ከየትኛውም ነጠላ ቁጥር ይሻላል። ዝርዝሩ በእጅዎ ካለና ዋጋዎቹ በB ዓምድ ከ2ኛው እስከ 60ኛው ረድፍ ከተጻፉ ኤክሴል ሦስቱንም እንዲህ ያወጣልዎታል፤ ለዚህ ሌላ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም።

```
=QUARTILE(B2:B60,1)
=MEDIAN(B2:B60)
=QUARTILE(B2:B60,3)
```

የስንት ቤቶች ዋጋ ተቆጥሮ እንደተገኘም ይጠይቁ። በአሥር ቤቶች ላይ የተሠራ መካከለኛ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያለ ምንም ምክንያት ሊዘል ይችላል።

3. ለውጡን ለማወቅ ሲፈልጉ መካከለኛውንም አይመኑ

ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች «አማካይን ትታችሁ ሚዲያንን ተጠቀሙ» ብለው ያበቃሉ። ምክሩ ለመጀመሪያው ጥያቄ ትክክል ነው፤ ለሁለተኛው ግን ከአማካይ የባሰ ስሕተት ላይ ሊጥል ይችላል።

በአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ቤት ብቻ አለ ብለን እንነሣ። ትንሹ 1 ሚሊዮን፣ ትልቁ 3 ሚሊዮን ያወጣል። በመጀመሪያው ዓመት 60 ትንንሽና 40 ትልልቅ ቤቶች ተሸጡ። አማካዩ 1.8 ሚሊዮን፣ መካከለኛው 1 ሚሊዮን ይሆናል።

በሁለተኛው ዓመት የባንክ ወለድ ጨመረ። ትንሽ ቤት የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በብድር የሚገዛ ስለሆነ ብዙዎቹ ከገበያው ወጡ፤ ጥሬ ገንዘብ ያላቸው የትልልቅ ቤት ገዢዎች ቀሩ። ፈላጊ በመቀነሱ የሁሉም ቤት ዋጋ በ10 በመቶ ወረደ፤ ትንሹ 900 ሺህ፣ ትልቁ 2.7 ሚሊዮን ሆነ። በዚህ ዓመት የተሸጡት 40 ትንንሽና 60 ትልልቅ ቤቶች ናቸው።

አሁን ያስሉት። ከትንንሾቹ 36 ሚሊዮን፣ ከትልልቆቹ 162 ሚሊዮን ተሰበሰበ፤ ድምሩ ለ100 ቤቶች ሲካፈል 1.98 ሚሊዮን ነው። አማካዩ በ10 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። መካከለኛውማ ከ1 ሚሊዮን ወደ 2.7 ሚሊዮን ተስፈነጠረ፤ በተደረደሩት ቤቶች መሐል ያለው ቤት ከትንሽ ወደ ትልቅ ተለውጧልና። በከተማው ውስጥ ዋጋው ያልወረደበት አንድም ቤት የለም፤ ሁለቱም ቁጥሮች ግን ገበያው ደራ ይላሉ።

እውነተኛ ገበያ ሁለት ዓይነት ቤት ብቻ ስለማይኖረው መካከለኛው እንዲህ አይዘልም። አቅጣጫው ግን ያው ነው። የተለወጠው የተሸጡት ቤቶች ስብጥር ነው፤ ዋጋ ጨመረ የሚለው ዜና የተሠራው ከዚያ ነው። ስብጥር በወለድ ብቻ አይለወጥም፤ አንድ ትልቅ የአፓርታማ ግንባታ አልቆ በአንድ ጊዜ ሲሸጥ፣ ወይም ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ትምህርት በተዘጋበት ወቅት ትልልቅ ቤት ሲፈልጉ ይለወጣል። ነገሩን የሚለዩበት ምልክት አለ፦ ዋጋው ሲዘል የተሸጡት ቤቶች ብዛት ወይም አማካይ ስፋታቸውም አብሮ ከዘለለ ስብጥሩ ተነካክቷል ብለው ይጠርጥሩ።

ማስተካከያውን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ቤቶቹን በዓይነት ይከፋፍሉ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት የየዓመቱን ዋጋ ይያዙ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ዓመት ስብጥር ሳይለውጡ በሁለተኛው ዓመት ዋጋ ያባዙ። በምሳሌያችን 60 ትንንሽ በ900 ሺህ 54 ሚሊዮን፣ 40 ትልልቅ በ2.7 ሚሊዮን 108 ሚሊዮን ይሆናል። ድምሩ ለ100 ሲካፈል 1.62 ሚሊዮን ነው፤ ከ1.8 ሚሊዮን በትክክል 10 በመቶ ያነሰ። እውነቱ ተገኘ። ሲከፋፍሉ በሰፈር፣ በመኝታ ክፍል ብዛት እና በአዲስና በአሮጌ ቢለዩ ለአብዛኛው ጉዳይ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆራረጡት በእያንዳንዱ ክፍል ሁለትና ሦስት ቤት ብቻ ይቀርና ሌላ ችግር ይፈጠራል።

ዋጋውን በካሬ ሜትር ማካፈል ይህን ሥራ ይተካል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ለማንኛውም ቤት ስለሚያስፈልጉና ለመሥራት ውድ ስለሆኑ ትንሽ ቤት በካሬ ሜትር ሲሰላ ብዙውን ጊዜ ከትልቁ ይወደዳል። ስለዚህ ስብጥሩ ወደ ትልልቅ ቤቶች ሲያዘነብል የካሬ ሜትር ዋጋ ሌላ ስሕተት ይሰጣል፤ አሁን ወደ ታች።

4. ለለውጥ የሚጠየቀው መለኪያ፦ ያው ቤት በሁለት ጊዜ

ከሁሉም የተሻለው አንድን ቤት ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው። ያ ቤት ያን ጊዜ በስንት ተሸጠ፣ በኋላስ? ቤይሊ፣ ሙት እና ኖርስ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1963 በስሌት አስቀመጡት፤ በ1980ዎቹ ካርል ኬዝና ሮበርት ሺለር አዳበሩት። ዛሬ በስማቸው የሚታወቀው የአሜሪካ የቤት ዋጋ አመልካች የሚሠራው እንዲሁ ነው። የብሪታንያው መንግሥታዊ አመልካች ሌላ መንገድ ይከተላል፦ የእያንዳንዱን ቤት ስፋት፣ ዓይነትና ቦታ ቆጥሮ የጥራትና የዓይነት ልዩነትን በስሌት ያስወግዳል። አንዱን ካገኙ በቂ ነው። የመረጃ ባለቤቱን «ቁጥሩ ለስብጥር ለውጥ ተስተካክሏል ወይስ የተሸጡት ቤቶች ተራ አማካይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ ተራ አማካይ ነው ብለው ይያዙት።

የያው ቤት መለኪያም ገደብ አለው። በሁለቱ ሽያጮች መካከል ቤቱ ከታደሰ ወይም ክፍል ከተጨመረበት የእድሳቱ ወጪ የዋጋ ጭማሪ መስሎ ይቆጠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸጥ አዲስ ቤት ጥንድ ስለሌለው አይገባም። ደግሞም ይዘገያል፤ የኬዝና ሺለር አመልካች የሦስት ወር ተንቀሳቃሽ አማካይ ሆኖ የሚታተመው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ገበያው ባለፈው ሳምንት ምን ሆነ ለሚል ሰው አይረዳም።

5. ኪራይ ከሆነ የማን ኪራይ እንደሆነ ይለዩ

በኪራይ ላይ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ስም ይጠራሉ፦ በማስታወቂያ የተጠየቀው፣ አዲስ ተከራይ የተዋዋለበት እና ነባሮቹን ጨምሮ ሁሉም ተከራይ ዛሬ የሚከፍለው።

ማስታወቂያን በአንድ ቀን ቆጥሮ ማስላት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ እኔ ግን እንዲተዉት እመክራለሁ። በየቀኑ ሁለት ቤቶች ለኪራይ ይወጣሉ እንበል፤ አንዱ በተገቢው 10 ሺህ፣ ሌላው በተጋነነ 14 ሺህ። የመጀመሪያው በሦስት ቀን ይያዛል፤ ሁለተኛው 30 ቀን ተለጥፎ ይቆያል። በየትኛውም ቀን ማስታወቂያዎቹን ቢቆጥሩ 3 ተገቢና 30 የተጋነኑ ያገኛሉ፤ አማካዩ 13.6 ሺህ፣ መካከለኛው 14 ሺህ ይሆናል። የወጡት ቤቶች ግን እኩል በእኩል ስለነበሩ የእውነት አማካያቸው 12 ሺህ ነው። ርካሹ ፈጥኖ ስለሚነሣ ዓይን ውስጥ የሚቀረው ውዱ ነው። ከማስታወቂያ ሌላ ምንጭ ከሌለዎት በአንድ ወር ውስጥ አዲስ የወጡትን ሁሉ በወጡበት ቀን እየመዘገቡ ይያዙ፤ ዛሬ የቆሙትን ብቻ አይቁጠሩ። ያም ቢሆን የተጠየቀ ዋጋ እንጂ የተከፈለ አይደለም።

በሌላው ጫፍ የሁሉም ተከራዮች አማካይ አለ። አብዛኛው ሰው ያለው በነባር ውል ስለሆነ ይህ ቁጥር ከገበያው ወደ ኋላ ይቀራል። የክሊቭላንድ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክና የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳዩት የአዲስ ተከራዮች ኪራይ ለውጥ በይፋዊው የኪራይ መለኪያ ላይ የሚታየው ከአራት ሩብ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቤት የሚፈልግ ሰው በዚህ ቁጥር በጀት ቢያወጣ ኪራይ በሚጨምርበት ዘመን ይጎድልበታል። አሁን ያለዎት ኪራይ ከሌላው ተከራይ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው ወይስ ጥቂት ለሚል ጥያቄ ደግሞ ትክክለኛው እርሱ ነው።

6. በአንድ መልእክት ይጠይቁ

ለደላላም ይሁን ለባንክ ወይም ለመረጃ ድርጅት፣ ቤት የሚከራይ ሰው የሚልከው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «ባለፉት ሦስት ወራት አዲስ በተፈረሙ ውሎች፣ በዚህ ሰፈር፣ ለሁለት መኝታ ቤት፣ መካከለኛው ኪራይና የታችኛውና የላይኛው ሩብ ወሰን ስንት ነው? ስንት ውል ተቆጥሯል?» ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ከሆነ ደግሞ፦ «በእነዚያው ቤቶች ላይ የቀድሞውና የአሁኑ ዋጋ ሲነጻጸር ለውጡ በመቶ ስንት ነው? የታደሱ ቤቶች ከስሌቱ ወጥተዋል?»

ደላላው እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ላይኖረው ይችላል። ያን ጊዜ በቅርቡ ያከራያቸውን አምስት ስድስት ቤቶች ከነውል ዋጋቸው እንዲነግርዎ ይጠይቁት፤ የተከራዮቹ ስም አያስፈልግዎትም። ደርድረው መሐሉን ይውሰዱ፤ ከሌላ ደላላም ያንኑ ያህል ይሰብስቡና አብረው ይደርድሩት።