"አካውንት ቀይረናል" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ የምንሰራቸው ስህተቶች

ገላን ያለች ብስኩት የምታመርት ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ ሂሳብ ክፍል ነው የምሰራው። ካርቶን የሚያቀርብልን ድርጅት አለ፣ ሶስት አመት አብረን ሰርተናል፣ ሹፌራቸውን ሳይቀር በደንብ ነው የምናውቀው። አንድ አርብ ከሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እየጮኸ፣ ባለቤቱ ጋሼ መርካቶ ሄደው እያለ፣ ከዚሁ ድርጅት ማህተም ያለው ደብዳቤ የተያያዘበት ኢሜይል መጣ። የድሮው አካውንታችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ለጊዜው ታግዷል፣ የዚህን ወር ክፍያ በዚህ አዲስ አካውንት አስገቡልን ይላል። ኢንቮይሱም ተያይዟል፣ 12,000 ካርቶን በ35 ብር፣ 420,000፣ ቫት 63,000፣ ድምሩ 483,000። ሁሉም ልክ ነበር፣ ካርቶኑንም በዛው ሳምንት ተረክበናል። ገንዘብ ያዧ ወደ 10 ሰዓት ገደማ የዊዝሆልዲንግ ግብሩን ቀንሳ ላከችው። ብሩ ሌባ ጋ ነበር የገባው።

ከዛ በኋላ ቁጭ ብለን የት የት እንደሳትን አንድ በአንድ አየነው። እናንተም ጋ አንድ ቀን መምጣቱ ስለማይቀር ልዘርዝረው።

ማህተም አይቶ "አለቀ" ማለት

እኛ ሀገር ማህተም ያለበት ወረቀት ማንም አይጠይቅም፣ ክብ ማህተም፣ ፊርማ፣ ሄደር ካለው በቃ ትክክል ነው። ግን አስቡት፣ ያ ድርጅት በሶስት አመት ውስጥ ስንት ፕሮፎርማ በፒዲኤፍ ልኮልናል? እያንዳንዱ ላይ ማህተሙና ፊርማው አለ። ከአንዱ ቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍ ስልክ ላይ እንኳን የሚሰራ ስራ ነው።

እኛ በኋላ ያደረግነው ደብዳቤውን ፕሪንት አድርገን ከድሮ ፕሮፎርማ ጋር ደርበን መስኮት ላይ መያዝ ነው። የማህተሙ ዘመም ማለት፣ ፊርማው ማህተሙን የሚያቋርጥበት ቦታ፣ ቀለሙ የሳሳበት ጥግ ሁሉ አንድ አይነት ሆኖ ተገኘ። በእጅ የተመታ ማህተም ደግሞ ሁለት ጊዜ እንደዛ አይገጥምም፣ ሁሌ ትንሽ ይዞራል፣ ትንሽ ይሳሳል። ስለዚህ ከድሮው ጋር ፍጹም ከገጠመ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው ማለት ነው። ባይገጥም ግን እውነተኛ ነው እንዳትሉ፣ ማህተም የሚቀርጽ ሰው አይጠፋም። ይሄ ሌባ ለመያዝ እንጂ ክፍያ ለማጽደቅ አያገለግልም።

ደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ላይ ደውሎ ማጣራት

እኛን የጎዳን ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘብ ያዧ ደውላለች። ሰው ሁሉ "ምናለ ብትደውይ" አላት ግን ልጅቷ ደውላለች፣ ችግሩ የደወለችው ደብዳቤው ግርጌ በተጻፈው ሞባይል ነው። አንድ ትሁት ሰውዬ አነሳና "አዎ እህቴ፣ እኛው ነን የላክነው፣ ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ፣ ኦዲቱ እንዳለቀ ወደ ድሮው እንመለሳለን" አላት። ድምፁን አላወቀችውም፣ አዲስ የተቀጠረ መስሏት ዘጋች።

ሌባ ደብዳቤ ሲልክ የራሱን ስልክ ነው የሚጽፍበት፣ እንዲደወልለትም ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የደወለ ሰው አጣርቻለሁ ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ስለዚህ ቁጥሩ መምጣት ያለበት ከደብዳቤው ሳይሆን ከራሳችሁ ፋይል ነው፣ መጀመሪያ ስትዋዋሉ ከተሰጣችሁ ወረቀት፣ ወይም ስልካችሁ ውስጥ ከቆየው እና ስለ ጭነት በየሳምንቱ ከምትደውሉበት ቁጥር። አሁን እኛ ጋ የእያንዳንዱ አቅራቢ ሁለት ሰው ስልክ፣ የባለቤቱና የሂሳብ ሰራተኛው፣ በእጅ የተጻፈበት ደብተር አለ፣ ከኢሜይል የመጣ ቁጥር እዛ ደብተር ላይ አይገባም።

ሲደወል ደግሞ አጠያየቁ ራሱ ለውጥ ያመጣል። "አካውንታችሁ ወደ ይሄ ቁጥር ተቀይሯል አይደል?" ብላችሁ አዲሱን ቁጥር እናንተ ካነበባችሁለት የተቻኮለ ሰው "አዎ አዎ" ሊል ይችላል። "የዚህን ወር ክፍያ በየትኛው ባንክ ነው የምናስገባው? ቁጥሩን ንገሩኝ" በሉ፣ እነሱ ያንብቡ፣ እናንተ ደብዳቤው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። እኛ እንደዚህ ብንጠይቅ የድሮውን አካውንት ነበር የሚነግሩን፣ ጉዳዩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ብዙ ሰው የማይደውለው ሰንፎ አይመስለኝም፣ ይሉኝታ ነው። ሶስት አመት አብሮን የሰራን ሰው እንዴት እንጠርጥረው፣ ምን ይለናል እንላለን። የድርጅቱ ባለቤት ነገሩን ሲሰሙ ያሉንን ግን አልረሳውም፣ "ምነው አንዴ ብትደውሉልኝ፣ እኔ እኮ ስልኬ እጄ ላይ ነው" አሉ።

ለዛው ኢሜይል ሪፕላይ አድርጎ መጠየቅ

ኢሜይሉ የመጣው በድሮው የንግግራችን ሰንሰለት ውስጥ ነው፣ ከስር የራሳችን የትዕዛዝ መልዕክት ሁሉ አለ። ይሄ በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው አድራሻውን የሚመስል ሌላ አድራሻ መክፈት ነው፣ ለምሳሌ `m` የነበረውን `rn` ያደርጉታል፣ ስልክ ላይ በትንሽ ፊደል ማንም አይለየውም፣ ወይም `l` በ`1` ይቀየራል። ይሄንን የላኪውን ስም ነክታችሁ ሙሉ አድራሻውን ብታወጡና ከድሮው ጋር ፊደል በፊደል ብታነጻጽሩ ትይዙታላችሁ። ቴሌግራም ላይም ያው ነው፣ ስምና ፎቶ ማንም ያስገባል፣ የሚታየው ዩዘርኔሙና ቁጥሩ ነው።

ሁለተኛው የባሰው ነው፣ የእኛም እሱ ነበር፣ የአቅራቢያችን ኢሜይል ራሱ ተሰብሯል። አድራሻው እውነተኛ ነው፣ ፊደል ብትቆጥሩ ዋጋ የለውም። ሰውዬው ለሳምንታት ውስጥ ተቀምጦ ሲያነብ ነበር፣ ዋጋውን፣ ብዛቱን፣ የምንከፍልበትን ቀን ያወቀው ለዛ ነው። ስለዚህ "ኢንቮይሱ ልክ ስለሆነ እነሱ ናቸው" ማለት አይሰራም። እዛው ላይ ሪፕላይ ማድረግ ደግሞ ሌባውን "ሌባ ነህ ወይ?" ብሎ እንደመጠየቅ ነው። በኋላ የእነሱን ጂሜይል ስናይ `Filters and Blocked Addresses` የሚለው ውስጥ ከእኛ የሚመጣውን መልዕክት በቀጥታ ወደ ትራሽ የሚጥል ፊልተር ተሰርቶ አገኘን፣ ብንጽፍላቸውም አያዩትም ነበር። እናንተም የድርጅታችሁን ሴቲንግ ግቡና እሱንና `Forwarding and POP/IMAP` የሚለውን እዩ፣ የማታውቁት ፊልተር ወይም አድራሻ ካለ አጥፉት፣ ፓስወርድ ቀይሩ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድ ክፈቱ።

ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ስም ማለፍ

በባንክ አፕ ስትልኩ ማረጋገጫውን ከመጫናችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ገንዘብ ያዧ አይታዋለች፣ የድርጅት ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ስም ነበር። ደብዳቤው ግን ቀድሞ "ለጊዜው በሽያጭ ኃላፊያችን ስም" ብሎ አዘጋጅቷታል፣ ስለዚህ ስሙ ሲገጥም እንደውም አመነች። የድርጅት ክፍያ ወደ ግል አካውንት ይግባ ሲባል እዛው ላይ መቆም አለበት፣ ምክንያቱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን።

ግን ስሙ የድርጅቱ ሆኖ ቢወጣስ? እሱም ብቻውን አይበቃም። ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የሚባል የሊትዌኒያ ሰው ላትቪያ ውስጥ ኳንታ ኮምፒውተር ከሚባለው የታይዋን አምራች ጋር ስሙ አንድ የሆነ ድርጅት አስመዘገበ፣ በዛ ስም አካውንት ከፈተ፣ ከ2013 እስከ 2015 (በፈረንጅ) ፎርጅድ ኢንቮይስ እየላከ ከጎግልና ከፌስቡክ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ፣ በ2019 አምስት አመት ተፈረደበት። እነሱ ያን ሁሉ የሂሳብ ሰራተኛ ይዘው ነው ስሙ ስለገጠመ የከፈሉት። ከውጪ ዕቃ የምታስመጡ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፣ በቲቲ፣ ማለትም በባንክ ወደ ውጪ በሚላክ ሃዋላ፣ ስትልኩ የእኛ አፕ እንደሚያደርገው የተቀባዩ ስም ቀድሞ አይወጣላችሁም፣ እዛ ያለውም ባንክ ስምና ቁጥሩን ላያመሳክር ይችላል።

አንዳንዱ መጀመሪያ 100 ብር ልኬ እሞክራለሁ ይላል። ጥሩ ነው፣ ግን "ደረሰ ወይ?" ብላችሁ የምትጠይቁት ደብተራችሁ ላይ ያለውን ሰው ከሆነ ብቻ። ሌባውን ብትጠይቁትማ እውነቱን ነው የሚነግራችሁ፣ ደርሶታል።

ትንንሹን ኢንቮይስ ሳያዩ ማሳለፍ

ይሄ ሌላ አይነት ነው፣ ባጭሩ ልበለው። ያላዘዛችሁት የእሳት ማጥፊያ መሙላት፣ የጄኔሬተር ሰርቪስ፣ 8,000 ምናምን ብር። አገልግሎት ስለሆነ ጂአርኤን፣ ማለትም የዕቃ መረከቢያ ሰነድ፣ የለውም፣ ብሩም ትንሽ ስለሆነ ማንም አይከራከርም። መፍትሄው የግዢ ማዘዣ የሌለው እና "ይሄ ስራ ተሰርቷል" ብሎ ስሙን ጽፎ የሚፈርም የክፍል ሰው የሌለው ነገር አይከፈልም ማለት ነው።

ካወቁ በኋላ በድንጋጤ ሰዓት ማባከን

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አቅራቢው ደውለው ብሩ አልገባም አሉ። እኛ ምን አደረግን፣ ያንን የደብዳቤውን ስልክ ደጋግመን ስንደውል፣ ማን አጠፋ እየተባባልን ስንጨቃጨቅ፣ ጋሼ ሳይሰሙ እናስተካክለው ስንል 5 ሰዓት ሆነ። ባንክ የደወልነው ከዛ በኋላ ነው።

መጀመሪያ መደወል ያለበት ለራሳችሁ ባንክ ነው፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የተቀባዩን አካውንት ይዛችሁ፣ ማጭበርበር ነው፣ ተቀባዩ ባንክ ቀሪውን ይያዝልን በሉ። ተቀባዩ ሌላ ባንክ ከሆነ አንድ ሰው በአካል እዛም ይሂድ፣ ሌላው ደግሞ ፖሊስ ጋ ሄዶ ያመልክት፣ ምክንያቱም የፖሊስ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ነው የተነገረን፣ ገንዘቡ ለመመለስ ደግሞ ፍርድ ቤት። ኢሜይሉን እንዳታጠፉት፣ ፎርዋርድ ብቻም አይበቃም፣ ኦሪጅናሉ እዛው ይቆይ።

እኛ ስንደርስ ከብሩ ሶስት እጅ አንዱ ገደማ ነበር የቀረው፣ ሌላው አርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት በኤቲኤም እና ወደ ሌሎች አካውንቶች በትራንስፈር ወጥቷል። የቀረው ታግዶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። የካርቶኑ ዕዳ ግን ለሌላ ሰው ስለከፈልን አልተሰረዘም፣ አቅራቢው ደግ ሰው ናቸውና በአራት ወር ከፋፍለን እንድንከፍል ፈቀዱልን፣ ያለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ከፍለናል፣ በድሮው አካውንት፣ ባለቤቱን በስልክ ቁጥሩን አስነብበን።