ጉሮሮ ሲታመም፦ አሞክሳሲሊን መቼ ይሠራል፣ መቼ አይሠራም?

ችግሩ፦ ልጁ አሞክሳሲሊን ከጀመረ ሦስት ቀን ሆነው፤ ለውጥ የለም

አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ወደምሠራበት ፋርማሲ መጣች። ከታላቅ ወንድሙ የተረፈ ሽሮፕ እየሰጠችው ነበር። «መድኃኒቱ ደካማ ነው መሰለኝ፤ ጠንከር ያለ ይስጡኝ» አለችኝ። ልጁ ያስላል፣ ንፍጡ ይወርዳል፣ ድምፁ ጎርንኗል። መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ የሚመታው ነገር ስላላገኘ ነው።

መንስኤው

ባክቴሪያ ራሱን ችሎ የሚኖር ሕዋስ ነው፤ ዙሪያውን በግንብ ታጥሯል። አሞክሳሲሊን ግንቡን የሚያያይዘውን ኢንዛይም ይይዝበታል። ባክቴሪያው ሲያድግ ግንቡ እየሳሳ ይሄዳል፤ ውሃ ይገባበትና ይፈነዳል። የእኛ ሕዋስ እንዲህ ያለ ግንብ ስለሌለው ይተርፋል። ቫይረስም ግንብ የለውም፤ ሕዋሳችን ውስጥ ገብቶ በእኛው መሣሪያ ይባዛል። ስለዚህ መጠኑን ብንጨምርም ሆነ «ጠንካራውን» ብንሰጥ ያው ነው፤ ትርፉ ተቅማጥና መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ነው።

እንዴት ይለያል?

ሳል፣ ንፍጥ፣ የድምፅ መጎርነንና የዓይን መቅላት ካሉ ነገሩ ወደ ቫይረስ ያደላል። በድንገት ጀምሮ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ሳል ከሌለ፣ መንጋጋ ሥር ያለው ንፍፊት ሲነካ ካመመና ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። መጠርጠር ነው ያልኩት፤ ቁርጡ የሚታወቀው ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና ነው። ጉሮሯቸውን ከሚታመሙ ልጆች ይህ ባክቴሪያ የሚገኝባቸው ከመቶ ከ20 እስከ 30 ያህሉ ናቸው። ንፍጡ አረንጓዴ መሆኑ ግን ምንም አይለይም፤ ቀለሙ የሚመጣው ከራሳችን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው።

መፍትሄው

ለዚህ ልጅ አሞክሳሲሊኑ ቆመ። 22 ኪሎ ስለሚመዝን ለትኩሳትና ለሕመሙ 250 ሚሊግራም ፓራሲታሞል፣ ቢፈጥን በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ እንዲወስድ ነገርኳት። ለብ ያለ ፈሳሽም አብዝታ እንድትሰጠው። ጉሮሮው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይሻለዋል፤ ሳሉ ሊቆይ ይችላል።

ምርመራው ስትሬፕቶኮከስ ካሳየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሐኪም የታዘዘው አሞክሳሲሊን 10 ቀን ሙሉ ይወሰዳል። ትኩሳቱ በሁለትና ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሽሮፑ መደርደሪያ ላይ የሚረሳውም ያኔ ነው። 10 ቀኑ የሚያስፈልገው ይህ ባክቴሪያ ካልጠፋ በኋላ የሚከተለው የቁርጥማት ትኩሳት የልብ ቫልቭን ስለሚያበላሽ ነው፤ በአገራችን የስንት ወጣት ልብ በዚህ ተጎድቷል። ሕክምናው ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ይህን ይከላከላል፤ ስለዚህ ውጤት ለማየት አንድ ቀን መጠበቅ አይጎዳም።

ልጁ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ አፉን መክፈት ካልቻለ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ምንም ሳይጠበቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።