አሠራሩ «4 ትልቅ እንቁላል» ካለ መካከለኛ ስንት ይበቃል?

ደብረ ማርቆስ ገበያ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት የሚቀርበው እንቁላል በመጠን አይለይም። የኬክ አሠራሩ ግን «4 ትልቅ እንቁላል» ይላል። እዚህ ላይ «ትልቅ» ማለት በክብደት የተወሰነ ደረጃ ነው፤ በዓይን አይገመትም።

በአሜሪካ ትልቁ እንቁላል ከነቅርፊቱ 57 ግራም ገደማ ሲሆን ሲሰበር 50 ግራም ያህል ይወጣዋል። መካከለኛው ሲሰበር 44 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ በአንድ እንቁላል 6 ግራም ስለሆነ እስከ ሦስት እንቁላል ድረስ አንዱን በአንዱ መተካት ብዙም አይጎዳም። ከአራት ጀምሮ ግን የጎደለው ተጠራቅሞ ግማሽ እንቁላል ያክላል።

መጀመሪያ አሠራሩ የየት አገር እንደሆነ እዩ። በአውሮፓ «መካከለኛ» የሚባለው ከነቅርፊቱ ከ53 እስከ 63 ግራም ስለሆነ የአሜሪካው «ትልቅ» እዚያ መካከለኛ ነው። የእኛው የአሜሪካ ነው እንበል።

ትልቁን በ50 አባዙት፦ 4 × 50 = 200 ግራም። ይህን ለ44 ስታካፍሉ አራት ተኩል ይመጣል። አሁን ሚዛኑ ላይ ባዶ ሳህን አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት፤ አራቱን እንቁላል ስበሩበት። 176 ግራም ካሳየ 24 ግራም ይቀራል። አምስተኛውን በሌላ ዕቃ ሰብራችሁ፣ ነጩና አስኳሉ እስኪዋሃድ በሹካ ምቱና ከዚያ 24 ግራም ጨምሩ። ሳይመታ ከፈሰሰ ነጩ ብቻ ይሄድና አስኳሉ ይቀራል።

የተረፈውን ማስቀመጥ ካልፈለጋችሁ አምስቱንም አግቡና ከወተቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ሊጡ ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ የበዛ እንቁላል ያግዘዋል።

ያገኛችሁት የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ከመካከለኛውም ያንሳል። ከነቅርፊቱ 40 ግራም የሚመዝነው ሲሰበር 35 ገደማ ስለሚሆን፣ ለ200 ግራም ስድስት ያስፈልጋል።

ሚዛን የሌለው ሰው የሕፃን ጡጦ ይጠቀም፤ ጎኑ ላይ የሚሊ ሊትር ምልክት አለው። የተመታ እንቁላል በግራምና በሚሊ ሊትር ይቀራረባል፣ 200 ግራሙ ከ200 ምልክት ትንሽ ዝቅ ይላል። አረፋው እስኪሰክን ግን ጠብቁ፤ አረፋውን አብሮ ያነበበ ሰው እንቁላሉ ሳይሞላ የሞላ ይመስለዋል።

ኬኩ ሲቆረጥ ከተፈረፈረ እንቁላሉ አንሶ ሊሆን ይችላል። እንደ ጎማ ከተለጠጠና እንቁላል እንቁላል ከሸተተ ደግሞ በዝቷል።