ስልክዎ አማርኛ አልጽፍ ሲልዎት

ጅማ መርካቶ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ከጅሬን፣ ከሂርማታ፣ ከፈረንጅ አራዳ የሚመጡ አባቶችና እናቶች ይዘውት የሚመጡት ችግር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ልጄ፣ ስልኬ አማርኛውን ረሳው» ይሉኛል። ቻርጅ አለው ወይ፣ በርቷል ወይ እያልኩ አላደክምዎትም። ያንን ያውቁታል።

ሲጽፉ ከታች የሚወጣውን ልጆቹ ኪቦርድ ይሉታል። እኔ የፊደል ገበታ እለዋለሁ። ሀሁን የቆጠሩት በገበታ ስለሆነ ስሙ አይከብድዎትም።

ችግር፦ ትናንት አማርኛ ነበር፣ ዛሬ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው የሚወጣው

ስልኩ አልተበላሸም። አማርኛውም አልጠፋም። በአንድ ስልክ ውስጥ ሁለትና ሦስት ገበታ ሊኖር ይችላል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይደበቃል። አንድ ሰው ቀይሮታል፣ ወይም ጣትዎ ሳያውቁት ነክቶታል።

ገበታውን ያውጡ። ከታች፣ ከረጅሙ ባዶ ቁልፍ በስተግራ ትንሽ ክብ ምልክት ይፈልጉ። ዓለምን ትመስላለች፤ ክብ ላይ መስመር መስመር ተሰምሮባታል። አንድ ጊዜ ነካ ያድርጓት። ገበታው ይቀየራል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ጅማ ስለሆንን ደግሞ ችግሩ ይብሳል። እዚህ ከተማ ብዙ ስልክ ላይ ሦስት ገበታ አለ፦ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ እና አማርኛ። አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በቁቤ ነው። የቁቤው ፊደል ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ክቧን ነክተው ከእንግሊዝኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ቢሄዱ፣ ለዓይን ምንም አልተቀየረም። «ነካሁት፣ እምቢ አለ» ብለው ይተዉታል። እምቢ አላለም። አንድ ጊዜ ደግመው ይንኩ።

የቱ ገበታ ላይ እንዳሉ ለማወቅ ረጅሙን ባዶ ቁልፍ ይመልከቱ። የቋንቋው ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይጻፋል። በደቂቁ ነው የሚጻፈው። መነጽር ያድርጉ።

ክቧን መንካት ካስቸገረዎት ሌላ መንገድ አለ። ረጅሙን ባዶ ቁልፍ ተጭነው ይቆዩ። «አንድ፣ ሁለት» ብለው እስኪቆጥሩ አይልቀቁ። የቋንቋ ዝርዝር ይወጣል። «አማርኛ» የሚለውን ይንኩ። ጣትዎን ግን ወደ ጎን አያንሸራትቱ። ካንሸራተቱ ዝርዝሩ አይወጣም፤ የሚጽፉበት ቦታ ምልክት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። እጃቸው ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ሰዎች በዚህ በጣም ይናደዳሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቢሞክሩ ይሻላል።

አንድ አባት ነበሩ። ጡረታ የወጡ የቡና ነጋዴ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ በስልካቸው በአፋን ኦሮሞ ለጓደኞቹ ይጽፋል። ጠዋት ሲያነሱት ገበታው ቁቤ ላይ ነው። ሌላ ሱቅ ወሰዱት። ባለሙያ ነኝ ባዩ «ሶፍትዌር ይጫንበታል» አላቸው። ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጸዳው። 300 ብርም ተቀበለ። የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች በሙሉ ጠፉ። አማርኛው? እሱም አልተመለሰም፤ ከጸዳ ስልክ ላይ አማርኛውን እንደ አዲስ መጨመር ያስፈልጋል። እኔ ጋ ሲደርሱ የቀረው ሥራ የሁለት ደቂቃ ነበር። አማርኛ ስለጠፋ ብቻ ስልክዎን «ላጽዳው» የሚልዎትን ሰው ስልኩን ቀምተውት ይውጡ። የምሬን ነው።

ለእኚህ አባት የመጨረሻው መፍትሄ እንዲህ ነበር። ሦስቱን ገበታ ሁለት አደረግነው። እንግሊዝኛውን አወጣነው፤ አፋን ኦሮሞውና አማርኛው ቀሩ። ቁቤው የላቲን ፊደል ሁሉ ስላለው፣ የእንግሊዝኛ ስም መጻፍ ሲፈልጉም ያገለግላቸዋል። አሁን ክቧን አንድ ጊዜ ሲነኩ ወይ አማርኛ ነው፣ ወይ ቁቤ። መሳሳት የለም።

እርስዎም ከፈለጉ፣ ገበታዎ ጂቦርድ የሚባለው ከሆነ፣ መንገዱ ይህ ነው። ገበታው ሲወጣ ከላዩ ያለችውን የማርሽ ምልክት ይንኩ። `Languages` የሚለውን ይክፈቱ። ከላይ ያለችውን እርሳስ ይንኩ። የማይፈልጉትን ቋንቋ ይምረጡና የቆሻሻ መጣያዋን ይንኩ። አማርኛው ከነአካቴው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ደግሞ እዚያው `Add keyboard` ይንኩና `Amharic` ይፈልጉ። ሲጨምሩ ኢንተርኔት ይክፈቱ፤ ስልኩ የሚያወርደው ነገር ሊኖር ይችላል።

ችግር፦ ሚስጥር ቃል ሲጠይቀኝ አማርኛው ይጠፋል

ይህ ችግር አይደለም። የሚስጥር ቃል ቦታ ላይ ገበታው ራሱ ወደ ላቲን ይሄዳል። ስልክ ቁጥር ሲጠየቁም ቁጥር ብቻ ይወጣል። ከዚያ ሲወጡ ይመለሳል። አይነካኩት።

ችግር፦ ገበታው ጭራሽ ሌላ መልክ ያዘ፣ ማስታወቂያም ይወጣበታል

አንድ ሰው ሌላ ገበታ ጭኖበታል። ብዙውን ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ነው፤ ቀለሙ ስላማረው። ገበታው ወጥቶ ሳለ ከስክሪኑ ግርጌ በቀኝ ጥግ ትንሽ የገበታ ምልክት ካለች ይንኳት። የድሮውን ይምረጡ።

ይህችን ግን በደንብ ይስሙኝ። የሚጽፉት ሁሉ በገበታው በኩል ነው የሚያልፈው። አዲስ ገበታ ሲከፈት ስልኩ ራሱ «የሚጽፉትን ሁሉ፣ የሚስጥር ቃልዎን ጭምር፣ ሊሰበስብ ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ልጆቹ ሳያነቡ ያልፉታል። ማን እንደሠራው በማያውቁት ገበታ የባንክ ሚስጥርዎን አይጻፉ።

ችግር፦ የአማርኛ ፊደል ሳይሆን ሳጥን ሳጥን ይታያል

ስልኩ በጣም አሮጌ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ውስጡ የለም። ገንዘብዎን ለጥገና አያውጡ።

ችግር፦ «ለ» ብቻ ይወጣል፤ «ሉ» እና «ሊ» የሉም

ገበታው እንደ አሠራሩ ይለያያል። በአንዳንዱ «ለ»ን ሲነኩ ዘሮቹ ከላይ ይደረደራሉ። በሌላው ተጭነው መቆየት አለብዎት። ሁለቱንም ይሞክሩ።

ችግር፦ የአማርኛ መልእክት የስልክ ሒሳቤን ቶሎ ይበላዋል

እውነትዎን ነው። ተራ የስልክ መልእክት በላቲን ሲጻፍ አንዱ 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ሲሆን 70 ብቻ ነው። በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ ሲከፈል ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ የሚይዘው 67 ነው። 75 ፊደል ቢጽፉ የሁለት መልእክት ሒሳብ ይቆረጣል።

አንዲት እናት በቁቤ ረጅም ደብዳቤ ጽፈው መጨረሻው ላይ «እናትህ» የሚለውን በአማርኛ ጨመሩበት። 140 ያህል ፊደል ነበር። አንድ መሆን የሚገባው መልእክት ሦስት ሆነ። በውስጡ አንድ የአማርኛ ፊደል ካለ፣ መልእክቱ በሙሉ በአማርኛው ልክ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አጭር ያድርጉት፤ ወይም ሙሉውን በላቲን ፊደል ይጻፉ። እንደ ቴሌግራም ባለው በኢንተርኔት የሚሄድ መልእክት ግን ይህ ቆጠራ የለም። እዚያ ልጅዎን እንደልብዎ ይገሥጹት።