ዘጊ አናዳን «ቶንሲል ነው» ብሎ ማለፍና ሌሎች የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ልጅ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል» ይባላል፣ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ይገዛል፣ ዝንጅብል ይፈላል። ብዙ ጊዜም እውነትም ቶንሲል ነው። አልፎ አልፎ ግን ዘጊ አናዳ፣ ማለትም ዲፍቴሪያ፣ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ አንድ ቀን መዘግየት ራሱ ብዙ ያስከፍላል።

ስህተት 1፦ «ትኩሳቱ ቀላል ነው» ብሎ መረጋጋት

ተራ ቶንሲል ብዙ ጊዜ በድንገት ይጀምርና ልጁን እንደ እሳት ያነደዋል። ዘጊ አናዳ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ትኩሳቱ ያን ያህል አይደለም፣ ልጁ ግን ከትኩሳቱ በላይ ይዝላል፣ ይገረጣል። አፉን ሲከፍት መጀመሪያ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይታያል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ነጠብጣቡ ይያያዝና ወፍራም ግራጫ ሽፋን ይሆናል።

ልብ በሉ፣ የቶንሲል መግል አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቶንሲሉ ላይ ይቀራል። ይሄ ሽፋን ግን ከቶንሲሉ አልፎ ወደ እንጥልና ወደ ላንቃ ይዘልቃል፣ ሙጭጭ ብሎም ይይዛል። ትንፋሹም መጥፎ ይሸታል። አንገቱ ከመንጋጋው በታች አብጦ የበሬ አንገት ከመሰለ ደግሞ ነገሩ ከብዷል።

ስህተት 2፦ ሽፋኑን መፋቅ፣ እንጥል ማስቆረጥ

«እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ልጅ ወደ ቆራጭ የሚወሰድበት ቤት ዛሬም አለ። ሽፋኑን በጨርቅ ወይም በጣት ለመጥረግ የሚሞክርም አለ። ሁለቱንም አታድርጉ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ባክቴሪያው እዚያው ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙ የጉሮሮውን ሴሎች ይገድላል፣ ከዚያ የሞቱት ሴሎች፣ ደም የሚያረጋው ፋይብሪን፣ ነጭ የደም ሴሎችና ባክቴሪያው ራሱ አንድ ላይ ይጋገራሉ። ሽፋኑ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲላጥ ይደማል፣ ቦታውም ይበልጥ ያብጣል። ተቦጭቆ የወጣ ቁራጭ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ ልጁ እዚያው ሊታፈን ይችላል።

ሽፋኑ ሳይነካም ወደ ታች ወርዶ ማንቁርት ሊደርስ ይችላል። የሕፃን የአየር መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ትንሽ እብጠት ይበቃዋል። መጀመሪያ ድምፁ ይጎረንናል። ቀጥሎ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። ከአንገቱ ሥር ያለው ጎድጓዳና የጎድን አጥንቱ መሃል በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ይዝረበረባል። ሲንፈራገጥ የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ቢል «ተሻለው» እንዳትሉ፤ ለመተንፈስ መታገሉ አድክሞት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ደረጃ ላይ ጉሮሮውን ለማየት አፉን በግድ አትክፈቱ፣ አስገድዳችሁም አታስተኙት። በተመቸው አቀማመጥ ይቀመጥ፣ አታስለቅሱት። ቱቦ ማስገባት ወይም አንገት ላይ ቀዳዳ ከፍቶ አየር መስጠት ወደሚችል ሆስፒታል በቀጥታ ሂዱ።

ስህተት 3፦ «አንቲባዮቲክ ጀምሯል፣ በቃ» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ባለሙያም ይሳሳተዋል። አንቲባዮቲክ፣ ለምሳሌ ኤሪትሮማይሲን ወይም ፔኒሲሊን፣ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉንም ይቆርጣል። ለ14 ቀን ይሰጣል፣ አስፈላጊ ነው። አስቀድሞ የተለቀቀውን መርዝ ግን አይነካውም።

መርዙ በደም ተሸክሞ ልብና ነርቭ ድረስ ይሄዳል። ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ፕሮቲን የሚሠራበትን ሂደት ያቆመዋል፣ ሴሉም ይሞታል። አንቲቶክሲን የሚባለው መድኃኒት መርዙን የሚይዘው ገና ሴል ውስጥ ሳይገባ ነው። ከገባ በኋላ የሚያወጣው ነገር የለም። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከጉሮሮ ናሙና ወስዶ ውጤቱን ሳይጠብቅ በጥርጣሬ ብቻ መስጠት ያለበት። «ላቦራቶሪ እስኪመጣ» የሚባለው ጊዜ የመርዙ ጊዜ ነው።

የአንቲቶክሲኑ መጠን የሚወሰነው በልጁ ኪሎ ሳይሆን በሕመሙ ስፋትና በቆየበት ቀን ነው። ሕመሙ ጉሮሮ ወይም ማንቁርት ላይ ሆኖ ከሁለት ቀን ካላለፈ ከ20,000 እስከ 40,000 ዩኒት ይሰጣል። ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ወይም አንገቱ ካበጠ 80,000 እና ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ከፈረስ ደም ስለሆነ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ አድሬናሊን በተዘጋጀበትና ክትትል ባለበት ቦታ ብቻ ይሰጣል።

ሌላው ችግር እጥረት ነው። በፈረንጆቹ 2015 ስፔን ውስጥ ኦሎት በምትባል ከተማ ክትባት ያልተከተበ የ6 ዓመት ልጅ ታመመ። አገሪቱ ውስጥ ለ30 ዓመት ገደማ በሽታው ስላልታየ አንቲቶክሲን አልነበረም። በየአገሩ ተፈልጎ በመጨረሻ ከሩሲያ መጣ። ልጁ ግን ሰኔ ላይ ሞተ። ሀብታም አገር፣ ሙሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍል እያለ።

ስህተት 4፦ ጉሮሮው ሲጸዳ ልጁን ለጨዋታ መልቀቅ

ሽፋኑ ሲጠፋ ሁሉም ያለቀ ይመስላል። የልብ ጡንቻ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው የሚታየው። የልብ ምት ሲዛባ፣ ልጁ ሲያልበውና ሲዝል ቶሎ መመለስ ነው፤ የልብ ምት የሚመዘግበው ምርመራ፣ ኢሲጂም፣ ይነሳ። ውሃ ሲጠጣ በአፍንጫው ከወጣ ወይም ድምፁ በአፍንጫው የሚናገር ሰው ከመሰለ የላንቃው ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። የእግርና የእጅ መዛል ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ሊከተል ይችላል። አብዛኛው የነርቭ ጉዳት ይመለሳል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ስህተት 5፦ «ሕፃን እያለ ተከትቧል፣ አለቀ»

ክትባቱ የሚዘጋጀው መርዙን ጉዳት እንዳያደርስ አድርጎ በማዳከም ነው። ሰውነት መርዙን ማክሸፍ ይማራል። ባክቴሪያው ጉሮሮ ላይ እንዳያርፍ ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ኦሎት ላይ ይሄ በግልጽ ታየ፦ ከታመመው ልጅ ጋር የነበሩ ልጆች ሲመረመሩ ባክቴሪያው የተገኘባቸው ነበሩ፣ ተከትበው ስለነበር ግን አንዳቸውም በበሽታው አልታመሙም። «የተከተቡት ይጠብቁኛል» ብሎ ልጁን ያላስከተበ ሰው ስሌቱ እዚህ ጋ ነው የሚፈርስበት።

እኛ አገር ዘጊ አናዳን ጨምሮ ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ሦስቱ መሠረት ናቸው፣ መከላከያው ግን ከዓመታት ጋር ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት ማጠናከሪያ ይመክራል፦ ከ12 እስከ 23 ወር፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት እና ከ9 እስከ 15 ዓመት። የልጃችሁን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ስለ ማጠናከሪያው በግልጽ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ታሞ የዳነ ልጅም ይከተባል፣ ምክንያቱም ሕመሙ ራሱ በቂ መከላከያ ላይተው ይችላል፣ አንቲቶክሲንም ቢሆን ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከሰውነት ይወጣል። አብረውት አንድ ቤት ያሉትም ናሙና ይሰጣሉ፣ መከላከያ አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ፣ የክትባት ካርዳቸውም ይታያል። አያትም ጭምር።